«ጋበዘኝ» ወይስ «ጨቀጨቀኝ»?

«ጋሼ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ፒችትሪ የሚባለውን የኮምፒውተር ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም የሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ ለማታ ተማሪዎች መፈክር አዞኛል። ‹ጠንከር ብሎ የሚያሳምን ይሁን› አለኝ። ማሳመን፣ ማግባባት፣ መገፋፋት፣ መወትወት፣ ማባበል፤ ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ? የትኛውን ቃል መፈክሩ ውስጥ ባስገባው ይሻላል? ደግሞስ ማበረታታት የቱ ጋ ሲደርስ ነው ጫና የሚሆነው? እስካሁን የጻፍኩት ይኼ ነው፦ ‹ሥራ አጥ ሆነው እንዳይቀሩ! አሁኑኑ ይመዝገቡ! ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቷል!› ክፍሉ 20 ወንበር አለው። ትምህርቱ ኅዳር 3 ይጀመራል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት። ምን ላስተካክል?»

ከነዚህ ቃላት አንዱንም አታስገባ። «እናሳምንዎታለን» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ ሰሚውን ገና ከደጅ ያስጠነቅቀዋል። ሰው ሊያሳምነው የመጣ ሰው ሲያይ መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚይዘው። የዘረዘርካቸው ቃላት ጥቅማቸው ሌላ ቦታ ነው። ሰውየው ማስታወቂያህን ሰምቶ ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የሚያወራባቸው ግሶች ናቸው። «አንድ ማሠልጠኛ እኮ ጋበዘኝ» ይላል ወይስ «አንድ ማሠልጠኛ ሲጨቀጭቀኝ ዋለ»? መጀመሪያ ሰውየው እንዲልልህ የምትፈልገውን ግስ ምረጥ። መስመሩን ከዚያ ወዲህ ትጽፈዋለህ።

«መፈክር» የሚለውንም ስም ተወው። በኛ አገር መፈክር የሰልፍ ቃል ነው። «መሬት ላራሹ» በ1957 ተማሪዎች ይዘውት የወጡት መፈክር ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የደርግ መፈክር ነው። መፈክር እጽፋለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው እጁ ወደ ቃለ አጋኖ ይሄዳል። ያንተ ሦስት አጭር መስመር ሦስት ቃለ አጋኖ አለው። «መሪ ቃል» በለው፣ ድምፅህ ራሱ ዝቅ ይልልሃል። ከሰልፉም ቢሆን መማር ከፈለግህ ግን ልብ በል፦ «መሬት ላራሹ» ውስጥ ግስ የለም። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለቱሪዝም ባወጡት «የ13 ወር ጸጋ» ውስጥም የለም። በ2008 እሱን በተካው «ምድረ ቀደምት» ውስጥም የለም። «ይምጡ» ወይም «ይጎብኙ» ያለ የለም። ያለንን አስቀመጡት፣ መምጣቱን ለሰሚው ተዉለት። ጠንካራ መስመር የግድ ትእዛዝ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ቃላቱ። አንድ አይደሉም። «ማሳመን» ሥሩ ማመን ነው። አንተ ማስረጃ ታቀርባለህ፣ የሚያምነው ወይም የማያምነው ግን ሌላው ሰው ነው። ስለዚህ ውሳኔው እሱ ዘንድ ይቀራል። «ማግባባት» ሥሩ መግባት ነው፤ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሽማግሌ ያግባባል፣ ምክንያቱም ያዳምጣል። ማስታወቂያ አያዳምጥም፤ ስለዚህ ማግባባት አይችልም። ያንን ሥራ የምትሠራው ማሠልጠኛው ውስጥ ስልክ የምታነሳው ልጅ ናት። «ማባበል» ለሚያለቅስ ሕፃን ነው። ትልቅ ሰው «አባበሉኝ» ካለህ አታለውኛል ሊልህ ዳር ዳር እያለ ነው። «ማጓጓት» ለምግብና ለጉዞ ያምራል፤ ለሂሳብ መዝገብ የጓጓ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። «ማማለል» ውበት አለው፣ ከኋላው ግን ማሳት ይከተለዋል። «መሸንገል» ለይቶለት ስድብ ነው። «ማደፋፈር» በተለይ ለማታ ተማሪ ይስማማ ነበር፣ የፈራን ሰው አይዞህ ማለት ነውና። ሥሩ ግን «ደፈረ» ነው። «ይድፈሩ» ብለህ ሰሌዳ ላይ ብትሰቅል ምን ተብሎ እንደሚነበብ አንተም ታውቃለህ። አትንካው።

ወደ ጫና የሚያዘነብሉትን ደግሞ ጮክ ብለህ በላቸው። ወተወተ። ጨቀጨቀ። ነዘነዘ። ጎተጎተ። ገፋፋ። ድምፃቸው ራሱ ይደጋገማል። «ገፋ» አንዴ ነው፤ «ገፋፋ» ግን እጁን ከጀርባህ ላይ አላነሳም። «አበረታታ» እና «ቀሰቀሰ»ም ድምፃቸው ይደጋገማል፣ ስለዚህ ሕግ አድርገህ አትያዘው። ግን ቋንቋው የሚጠቁመን ነገር አለ። ሰው ጫና ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ የቃሉን ክብደት ሳይሆን መመላለሱን ነው። የለሰለሰ መስመር እንኳ በአንድ ሰዓት የሬዲዮ ፕሮግራም ውስጥ ስድስት ጊዜ ከተነበበ ውትወታ ይሆናል። የጻፍከው አንተ ነህ፣ የጨቀጨቀው ግን የአየር ሰዓቱን የገዛው ሰው ነው። ደንበኛህ «ጠንከር ያለ» ሲልህ ብዙ ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚሰማ ማለቱ ነው። ጠይቀው። ችግሩ ያ ከሆነ ቃል በማክረር አይፈታም።

ማበረታታትና ጫና የሚለያዩበትን ቦታ ለማየት መዝገበ ቃላት አያስፈልግህም፣ አንድ ምሳ ይበቃሃል። ሰው ቤት ተጋብዘሃል። ጠግበህ እጅህን ሰብስበሃል። «ብላ እንጂ፣ ምነው?» ይሉሃል እትዬ። «በቃኝ፣ ጠግቤአለሁ።» «በሞቴ! ይቺን ብቻ።» ጉርሻው ከንፈርህ ላይ ደርሷል። ቃሉን ብቻ ካየኸው ይኼ ከባድ ግፊት ነው፤ ሴትየዋ ሞታቸውን ነው የሚጠሩብህ። አንተ ግን ከዚያ ወጥተህ «አስገደዱኝ» አትልም። «እንዴት ያሉ ሴት ናቸው፣ መስተንግዷቸው!» ነው የምትለው። አንደኛ፣ የሚያጎርሱህ ከራሳቸው ሰሐን ነው፤ አንተ በመብላትህ የሚያተርፉት ሳንቲም የለም። ሁለተኛ፣ «ሆዴን አሞኝ ነው» ብትላቸው ይተዉሃል። ምናልባት ትንሽ ቅር ይላቸዋል፣ ግን በሩ ክፍት ነው።

ያንኑ «በሞቴ» ለጫማ ሻጭ ስጠው። «በሞቴ፣ ይቺን ጫማ ግዛ!» ቃሉ ያው ነው፣ አንተ ግን ወደ ኋላ አፈግፍገሃል። የሚያተርፈው ሰው ስለተቀየረ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ምንም ቢሆን ጫማ ሻጩ ነው። እንደ እትዬ መሆን አይችልም፣ ልሁን ሲልም ያስታውቅበታል። ስለዚህ ከሁለቱ የሚቀርህ ሁለተኛው ብቻ ነው፤ በሩን ክፍት መተው። መስመርህን የምትለካውም በዚህ ነው። ሰሚው «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሞኝ ወይም ጥፋተኛ ሳይሆን ማለፍ ይችላል? ከቻለ እያበረታታህ ነው። ካልቻለ ጫና ነው። የገበያው ሕግም እዚሁ ጋ ነው የሚቆመው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ እንደማይገደድ ይላል። እርግጥ ዐዋጁ ስለ ሱቅ እንጂ ስለ ቃል ቃና አይናገርም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፣ አይቶ መሄድ መብት ነው።

አሁን ረቂቅህን በዚህ እንለካው። «አሁኑኑ ይመዝገቡ» ከሚለው ልጀምር። «ይመዝገቡ» ራሱ ምንም አልበደለም። በአማርኛ የአክብሮት ትእዛዝ ከምኞት ጋር አንድ መልክ ነው ያለው። «ይባርክዎ»፣ «ይቅናዎ» እንደምንለው «ይምጡ»ም ውስጡ ትንሽ ምኞት አለው። ለዚህ ነው «ይቅመሱ» ከ«ቅመስ» የሚለሰልሰው፤ አንቱታው ብቻ አይደለም። ከባዱ «አሁኑኑ» ነው። «አሁን» ላይ ያቺ «ኑ» ስትደረብ ሰዓቱ ጠበበ። «ዛሬውኑ»ም እንደዚያው። ማሠልጠኛህ ኅዳር 3 የሚጀምር ከሆነና ዛሬ ገና ጥቅምት መጀመሪያ ከሆነ፣ «አሁኑኑ» ምንም ምክንያት የሌለው ጥድፊያ ነው። ሰሚው ምክንያቱን ካላወቀ የራሱን ይፈጥራል፤ «ተማሪ አጥተው ነው» ይላል።

ትናንሽ ቃላትም ቃናውን ይወስናሉ። «እስቲ ይሞክሩት» እና «ይሞክሩት እንጂ» በአንድ ቃል ብቻ ነው የሚለያዩት። «እስቲ» ገና አልተወሰነም፣ አብረን እንየው ይላል። «እንጂ» ግን ሰሚው እምቢ እንዳለ አድርጎ ነው የሚነሳው፤ እትዬ «ብላ እንጂ» ያሉህ እጅህን ስትሰበስብ አይተው ነው። ማስታወቂያህን የሚሰማው ሰው ገና ምንም አላለም። ገና ምንም ያላለን ሰው «እንጂ» ብትለው ያልተጀመረ ክርክር ውስጥ ትከተዋለህ።

«ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቷል»ን የአዲስ አበባ ሰው ከአንተ በፊት ከወያላ ሰምቶታል። «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ሮጠህ ትገባለህ። ውስጥ ሦስት ወንበር ባዶ ነው። ትቀመጣለህ፣ ረዳቱ አሁንም «አንድ ሰው!» እያለ ነው። ያቺን ሐረግ በዚህ መልኩ ለዓመታት የሰማ ጆሮ «ጥቂት ቦታ» ሲባል ባዶ ወንበር ነው የሚታየው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ቁጥሩን ተናገር። «20 ወንበር» ማለት መረጃ ነው። «ጥቂት» ግፊት ነው። አሥራ አራቱ ከተያዙ «6 ቀርቷል» በል፣ ሲያዝም ቀይረው። መቀየር የማትችልበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የታተመ ባነር ላይ፣ የቀረውን ሳይሆን ጠቅላላውን ብቻ ጻፍ። ውሸት ከሆነ ደግሞ የቃና ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

በጣም የከፋው የመጀመሪያው ነው። «ሥራ አጥ ሆነው እንዳይቀሩ!» ይኼ «እንዳ» የእናት ማስጠንቀቂያ ነው። «እንዳትወድቅ!» «እንዳትነካ!» ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ አይደለም፤ «ተጠንቀቅ» የሚለው ተውጧል፣ የቀረው ፍርሃቱ ብቻ ነው። «ዕድሉ እንዳያመልጥዎ» የሚለውም የተሠራው በዚሁ ነው፣ ግን የሚያመልጠው ዕድል ስለሆነ ጆሯችን ለምዶታል። በብዛት ከመደጋገሙ የተነሣ እንዲያውም አሁን ማንም አይሰማውም። ያንተ ውስጥ የሚጠፋው ግን የሰውየው ኑሮ ነው። በኛ ዘንድ ደግሞ በሰው ላይ ክፉ ነገር መጥራት ስም አለው፣ ሟርት ይባላል።

ይህን የምልህ ከራሴ ጥፋት ነው። ድሮ ለአንድ የመድን ድርጅት የሬዲዮ መስመር ጻፍኩ። «ቤትዎ ሳይቃጠል ወደኛ ይምጡ» የሚል ነበር። ቢሮ ውስጥ ስናነበው ፈገግ አልን፣ ብልጥ መስሎን። ማስታወቂያው በወጣ በማግሥቱ አንዲት እናት ደወሉ። አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ ቤቴን አቃጠላችሁት» ነው ያሉት። መስመሩን አወረድነው። በኋላ ሳስበው ሴትየዋ ልክ ነበሩ። እኔ «አስጠነቀቅሁ» ብዬ ነበር፣ እሳቸው የሰሙት «አሟረቱብኝ» ነው። የሚቆጠረው ደግሞ የሰሚው ግስ ነው።

«ካልሠለጠኑ ሥራ አያገኙም» የሚል ነገር ደንበኛህ ቢያቀርብልህም እንደዚያው ነው። «ካል» ሲመጣ ዛቻ ይከተለዋል። «ማወቅ አለብዎ»፣ «ግድ ነው» የሚሉትን ለመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ተውላቸው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? መጀመሪያ ሰሚውን አስበው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ወይም ቢሮ የዋለ ሰው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሟል። ደክሞታል። ሥራ አጥ መሆኑን አትንገረው፤ ሥራ ያለው ስለሆነ ነው ማታ የሚማረው። ረቂቅህ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በሰውም ተሳስቷል። ይኼ ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው። ገንዘብ ከፍሎ ትምህርቱ ሳይገባው ይቀራል፣ ወይም ድካሙ አሸንፎት ያቋርጣል። ጫና ሁለቱንም ፍርሃት ያባብሳል። ማበረታታት ማለት እዚህ ጋ ፍርሃቱን የሚያቀልል እውነተኛ ነገር መስጠት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ይሁን። «ከሥራ ሲወጡ ጎራ ይበሉ።» «ጎራ ማለት» ደስ ይለኛል፤ ገብቶ መውጣት እንደሚቻል ይናገራል። ቡና ቤት ነው ጎራ የሚባለው። ግን ለትምህርት ትንሽ ቀለለ። ሦስት ወር የሚያስከፍል ነገር ጎራ አይባልበትም፣ ሲገባ የሚጠብቀው ክፍያ ደግሞ እንደ ወጥመድ ይታየዋል። ሁለተኛው፦ «የቀኑን ሥራ ጨርሰዋል። ማታ ለራስዎ ይማሩ።» ይኼ ይሻላል፣ ሰውየውን ያውቀዋል። ግን ሁለቱንም ፍርሃት አልነካም።

ሦስተኛውን ከመጻፍህ በፊት ደንበኛህን አንድ ጥያቄ ጠይቀው። የመጀመሪያውን ምሽት በነፃ ማስተማር ይችላል? ከቻለ መስመሩ ራሱን ይጽፋል፦

«አንድ ምሽት በነፃ ይማሩ። ከወደዱት ይመዘገባሉ።»

ከሥሩ ዝርዝሩን አድርግ፦ «ፒችትሪ። ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት። 20 ወንበር።»

«ከወደዱት» የምትለዋን ልብ በል። በሩን ክፍት የምትተወው እሷ ናት። ሁለተኛው ግስ «ይመዝገቡ» ሳይሆን «ይመዘገባሉ» ነው፤ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ የሚሆነውን መናገር ሆነ። ደንበኛህ «ደከመ፣ ይመዝገቡ በለው» ይልሃል፣ ከወዲሁ ልንገርህ። አትቀይርለት። «ከወደዱት ይመዝገቡ» ስትለው በሩን ከፍተህ ወዲያው ከኋላ መግፋት ነው። ጥንካሬው ያለው ነፃው ምሽት ላይ ነው፤ አንድ አስተማሪ በራሱ የማይተማመን ከሆነ ያንን አይሰጥም፣ ሰሚውም ይህ ይገባዋል። ከፊደል ይልቅ ያ ነው የሚያሳምነው።

ነፃ ምሽት አይቻልም ካለህ ይህን መስመር አትጠቀም። ሁለተኛውን ውሰድና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወንበሩን ጨምርበት። በተረፈ ለስላሳ ቃል መጥፎ ማሠልጠኛን አያድንም። ነፃው ምሽት ላይ ኮምፒውተሩ አልነሣም ካለ «ከወደዱት» ያልከው ቃል ተመልሶ አንተኑ ይነድፍሃል።

ትእዛዝ ሁልጊዜ መጥፎ ነው እንዳትል ግን። ሰሚው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ አዛዡም ምንም የማያተርፍ ሲሆን አጭርና ቀጥተኛ ትእዛዝ ማንንም አያስከፋም። በ2012 ኮሮና ሲገባ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው በየበሩ ተለጥፎ ነበር፤ «እስቲ ቢታጠቡ» ቢባል ያስቅ ነበር። የሒሳብ ሥልጠና ግን ያ አይነት ጉዳይ አይደለም። ማንም ስላልተማረ አይሞትም፣ ከፋዩም ተማሪው ነው።

ከማስረከብህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። መስመሩን በወረቀት አታሳይ። ሥራህን ለማያውቅ ሰው፣ ቢቻል ለአክስትህ ወይም ለሰፈር ባለሱቅ፣ በስልክ አንብብለት። ከዚያ «እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይልሃል። «ምን አሉህ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ በግስ ነው የሚመጣው። «ነይ ሞክሪው አሉኝ»፣ «ጋበዙኝ» ከተባልክ ጨርሰሃል። «ተመዝገቢ አሉኝ» ከሆነ ትእዛዙ ከግብዣው በልጧል፣ ሁለተኛውን ግስ እንደገና እየው። «አስፈራሩኝ» ወይም «ነዘነዙኝ» ካለች ግን ቃል አትቀያይር። ያቺን ወረቀት ጣላትና ሌላ ጀምር።